የድሮ ሽቶ ብልቃጥ የመስታወት ክዳን አልከፈት አለኝ፤ በሙቀት ሳይሰበር ይወጣል?

ብልቃጤ · ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ የቀረችኝ አንዲት የሽቶ ብልቃጥ አለችኝ። ወፍራም መስታወት ናት። ክዳኗም መስታወት ነው። ብሎን የለውም፣ እንደ ቡሽ አንገቷ ውስጥ የሚወተፍ ዓይነት ነው። ከክዳኑ ሥር ደግሞ ቀጭን የመስታወት ዘንግ ወርዶ ሽቶው ውስጥ ይነከራል። እናቴ በዚያ ዘንግ ነበር ከጆሮዋ ኋላ ጠብ የምታደርገው። አሁን ታች የቀረው አንድ ጣት የማይሞላ ቡናማ ነገር ነው።

ክዳኑ ነክሶ ይዟል። ትናንት ብልቃጧን እንዳለች ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኳት። ሩብ ሰዓት ቆየች። ፍንክች የለም። ፎጣ ይዤ ላዞረው ስል «ጢቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ደንግጬ ተውኩት። ስንጥቅ ግን አልታየኝም።

በሙቀት ይከፈታል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ምኑን ነው የሳትኩት? ሽቶው ቢደፋም ግድ የለኝም። ክዳኑና ዘንጉ ግን እንዲሰበሩ አልፈልግም።

---

ፈጣን መፍትሄ · ሰኞ፣ ማታ 2:52

ሙቀቱ አንሶ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። መስታወት ሲሞቅ ይሰፋል፣ አለቀ። ውሃው ተንተክትኮ የፈላ ይሁን። ካልሆነም ላይተር ለኩሰሽ አንገቱን ዞር ዞር አድርጊበት። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ከፍቻለሁ። 10 ሴኮንድ አልፈጀብኝም።

---

ሰብሳቢዋ · ሰኞ፣ ማታ 3:05

ኧረ በፈጠራችሁ! ላይተርና ሽቶ? ሽቶ እኮ አብዛኛው አልኮል ነው። ክዳኑ ላላ ባለበት ቅጽበት የሚወጣው ትነት እሳቱን ያገኘዋል። ብልቃጡ ደግሞ በእጅሽ ነው ያለው።

ብልቃጤ፣ ይህን ሰው እንዳትሰሚው። የፈላ ውሃም ቢሆን ለወፍራም መስታወት አይሆንም። እኔ የድሮ ብልቃጦችን እሰበስባለሁ። በፈላ ውሃ የተሰነጠቁ ስንት እንዳየሁ አልነግርሽም።

---

ጥያቄ አለኝ · ሰኞ፣ ማታ 3:11

የኔም ሽቶ እንደዚሁ እምቢ ብሎኛል። ስጫነው አይረጭም። እሱንም ላሙቀው ማለት ነው?

---

ሰብሳቢዋ · ሰኞ፣ ማታ 3:14

ያንተ የሚረጭ ነው፣ የሷ የሚወተፍ። ያንተ አፍንጫው ተደፍኖ ይሆናል። ነቅለህ ለብ ባለ ውሃ እጠበው። ብልቃጡን ግን እንዳታሞቀው።

---

የላብ ሰው · ሰኞ፣ ማታ 4:20

ልጄ፣ የሳትሽው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ አሞቅሽው።

አንገቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ክዳኑም እኩል ይሞቃል። እኩል ከሞቀ እኩል ይሰፋል። ሁለቱም መስታወት ናቸውና አያያዛቸው አይለወጥም። ክዳኑ እንዲላቀቅ አንገቱ መሞቅ፣ ክዳኑ መቀዝቀዝ አለበት። የሚሠራልሽ ሙቀቱ ራሱ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ደግሞ ቶሎ ያልፋል።

ብዙ ዘመን ላብራቶሪ ውስጥ የመስታወት ዕቃ ስጠግን ኖሬያለሁና መጠኑን ልንገርሽ። የአንገቱ ቀዳዳ 16 ሚሊሜትር ስፋት አለው እንበል። አንገቱ ከክዳኑ በ25 ዲግሪ ቢበልጥ ቀዳዳው የሚሰፋው ወደ 0.0036 ሚሊሜትር ነው። የፀጉር ውፍረት ሃያኛ እንኳ አይሞላም። ሰው ይህን ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል። ግን ክዳኑ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ሽብልቅ ነው። ሽብልቅ ንክሻው ከላላ ወዲያ ብዙ መንገድ መሄድ አይጠበቅበትም። ትንሽ ከፍ ካለ ነፃ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ በመስታወቱ ውፍረት ይወሰናል። አንገቱ 4 ሚሊሜትር ከሆነ ሙቀቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ማሞቅ ይጀምራል። ስለዚህ መሞከሪያሽ ከ30ኛው ሴኮንድ አካባቢ ነው። 2 ደቂቃ ከጠበቅሽ አልፎሻል። አንገቱ ቀጭን ከሆነ ጊዜው በጣም ያጥራል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል።

የሰማሽው «ጢቅ» ምናልባት የደረቀው ሽቶ ሲላቀቅ ይሆናል። ምናልባትም ስንጥቅ ነው። ብልቃጧን መብራት ፊት ይዘሽ ቀስ እያልሽ አዙሪያት። ስንጥቅ ካለ በሆነ አቅጣጫ ላይ እንደ መስታወት ክር ብልጭ ይላል። የተጫረ ብቻ ከሆነ ከየትም ብታይው ያው ነው። ስንጥቅ ካገኘሽ አትንኪያት። ንገሪኝ።

---

ነገረኛው · ሰኞ፣ ማታ 4:41

አንድ ነገር አልገባኝም። መስታወቱ ሲሞቅ በሁሉም አቅጣጫ ይሰፋል አይደል? ታዲያ ወደ ውስጥም ሰፍቶ ቀዳዳውን አያጠበውም? እንደኔ ከሆነ ጭራሽ ይብስበታል።

---

የላብ ሰው · ሰኞ፣ ማታ 4:58

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቀለበቱን ቆርጠህ እንደ ገመድ ዘርጋው ብለህ አስብ። ሲሞቅ ገመዱ ይረዝማል። የረዘመውን ገመድ መልሰህ ክብ ስታደርገው ክቡ ትልቅ ይሆናል፣ ቀዳዳውም አብሮ ይሰፋል። ፎቶ ስታጎላ በመሃል ያለው ቀዳዳም አብሮ እንደሚጎላው ማለት ነው።

ያንተ ጥርጣሬ ግን ሌላ ነገር ይነካል። የአንገቱ የውጭ ገጽ ሞቆ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን፣ የውጩ ወደ ውጭ ይጎትታል፣ የውስጡ ይለጠጣል። መስታወት ጫና ይችላል፣ መለጠጥ አይችልም። የፈላ ውሃ ወፍራም አንገት የሚሰነጥቀው ለዚህ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የሞቀውን መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ማስነካት ነው። ያኔ የሚለጠጠው የውጩ ገጽ ራሱ ነው። ብዙ ጭረት ያለውም እዚያ ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከጭረት ነው።

---

ፈጣን መፍትሄ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

እሺ፣ የላይተሩን ነገር ተውኩት። ግን የኔ እንዴት ተከፈተ ታዲያ? አሁን ሲገባኝ ላይተሩ አንገቱን ብቻ ስላሞቀው ነው። ስለዚህ በሐሳቡ ትክክል ነበርኩ 😄

በረዶ ክዳኑ ላይ ብታስቀምጥስ? ልዩነቱ ይጨምራል።

---

የላብ ሰው · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:15

በሐሳቡ ትክክል ነህ፣ በእሳቱ አይደለህም። እሳት አንዲት ነጥብ ያሞቃል። መስታወት ደግሞ እኩል ያልሆነ ሙቀት ነው የሚገድለው።

በረዶውም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ መጨመሩ እውነት ነው። ግን የወፍራም ክዳን ገጽ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይለጠጣል ብያለሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ በደንብ የጨመቅሽው ጨርቅ ይበቃል። ጠብ የሚል ውሃ ሞቃቱ አንገት ላይ እንዳይወርድ።

---

ሰብሳቢዋ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:50

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ግን ከማሞቁ በፊት ያለውን ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ የሽቶ ብልቃጥ የሚያዘው በሽብልቅ ብቻ አይደለም። አልኮሉ ባመታት ውስጥ ተንኖ ያልፋል። የሚቀረው ዘይትና ሙጫ መሰል ነገር ነው። ያ በክዳኑና በአንገቱ መካከል ገብቶ ይደርቃል። ሙጫ እንዳለ ብታሞቂው ይለሰልስና ተመልሶ ይይዛል። መጀመሪያ መሟሟት አለበት።

ክዳኑ አንገቱ ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ አስተውይው። ሁለቱም ሻካራ ሆነው የተሞረዱ ናቸው። ደረቅ ሲሆን እንደ ጉም የተነፈሰበት መስታወት ነጭ ነው። ፈሳሽ ሲገባበት ነጭነቱ ይጠፋና ጥርት ይላል። እኔ ሥራዬን የምከታተለው በዚህ ነው። በክዳኑና በአንገቱ አፍ መጋጠሚያ ዙሪያ በጠብታ መጣያ ንጹሕ አልኮል አፍስሺ። አራት አምስት ጠብታ ይበቃል። በሰዓት አንዴ ጨምሪበት። ጥርት ያለው ክፍል ወደ ታች ሲወርድ ዐይንሽ ያየዋል። ግማሹ ድረስ ካልወረደ ማሞቁን አትጀምሪ።

ዘይት ግን እንዳትነኪ። አንዴ ዘይት ከገባ አልኮሉ መንገድ ያጣል።

---

የላብ ሰው · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:20

በዘይቱ ነገር አልስማማም። እኛ ቤት ግሊሰሪን ነበር የምንጠቀመው። አልኮል ፈጥኖ ይተናል፣ ግሊሰሪን ይቆያል። ነገር ግን የኛ ዕቃ ውስጥ የሽቶ ሙጫ አልነበረም። ስለ ሽቶ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

---

መምህር ኬሚ · ማክሰኞ፣ ቀን 6:10

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ላይ ስለገባሁ። የኔ ሽቶ አይደለም። 250 ሚሊ ሊትር ረጅም አንገት ያለው የመለኪያ ፍላስክ ነው። የመስታወት ክዳን አለው። ተማሪዎች ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አዘጋጅተው ሳይደፉት ለዕረፍት ሄዱ። ሁለት ወር ሆነው። በሙቅ ጨርቅ አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ምንም የለም። ሰዓቱን ስለሳትኩት ይሆን?

---

የላብ ሰው · ማክሰኞ፣ ቀን 7:05

መምህር፣ የርስዎ በሽታ ሌላ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መስታወቱን ራሱን ቀስ እያለ ይበላዋል። የበላው ነገር በተሞረደው ቦታ ላይ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ሁለቱን ያያይዛል። ሙቀት ሽብልቅን ያላላል፣ ሲሚንቶ ግን አይሟሟለትም። ለዚህ ነው ይህን ነገር በመስታወት ክዳን የማንዘጋው። ለሱ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ክዳን ነው።

ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የፍላስክዎ መስታወት ቦሮሲሊኬት ከሆነ በሙቀት የሚሰፋው ከተራው መስታወት ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የሙቀት ለውጥ የሚችለውም ለዚያ ነው። እዚህ ግን ይህ መልካም ጠባዩ ይጎዳዎታል፤ የሚከፈተው ክፍተት ያንሳል።

ከውጭ በኩል መጋጠሚያው ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ መጀመሪያ በሚንጠባጠብ ውሃ ያርሱት፣ ቀጥሎ ትንሽ ኮምጣጤ። ለአንድ ሁለት ቀን ይተዉት። መነጽርና ወፍራም ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት። ውስጡ ያለው ዐይን ያጠፋል። ክዳኑን ሲያዞሩ አንገቱ ቢቀነጠስ ሁሉም ወደ እጅዎ ነው። ስለዚህ ሰፊ የፕላስቲክ ገበቴ ውስጥ አድርገው ይሥሩ። ካልሆነ ይጣል። ፍላስክ ይተካል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። መደርደሪያ ላይ የቆየ የኢተር ጠርሙስ ክዳኑ ቢይዝ አታሙቁት፣ አታዙሩት፣ አትንኩት። ኢተር ሲቆይ በንክኪ የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ክሪስታል ካለ ደግሞ ይብሳል። እሱ ለባለሙያ የሚተው ነው።

---

ብልቃጤ · ማክሰኞ፣ ማታ 1:45

ስንጥቅ የለም! መብራት ፊት ሦስቴ አዞርኳት።

አልኮሉን ከጠዋት ጀምሬ እየጨመርኩ ነው። ሰብሳቢዋ ያልሽው በትክክል ይታያል። ነጩ ጥርት እያለ ይወርዳል። የገረመኝ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው። በዚያኛው ወገን ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ምን ላድርግ?

---

ሰብሳቢዋ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:10

በላይ በኩል ካልገባ በታች ይግባ። ብልቃጧን ፎጣ በተነጠፈበት ብርጭቆ ውስጥ በአፏ ድፊያት። የራሷ ሽቶ ክዳኑ ላይ ይቆምና ከውስጥ ያርሰዋል። ሽቶው ራሱ አልኮል ያለው አይደል? ሌሊቱን ትደር። ቀለም ሊያንጠባጥብ ስለሚችል ከሥሯ የማትወጂውን ፎጣ አድርጊ። በአጠገቧ እሳት አይኑር።

---

ብልቃጤ · ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ዛሬ ሞከርኩ። አልሆነም። ያደረግኩትን ልንገራችሁና አርሙኝ።

ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጨርቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ጨመቅኩ። ውሃው እጄ ለአፍታ ብቻ የሚችለው ነበር። አንገቷ ላይ ጠመጠምኩት። እስከ 30 ቆጠርኩ። በፎጣ ይዤ አዞርኩ። ምንም። እንደገና ነክሬ ወዲያው ደገምኩ። ምንም። ስድስት ጊዜ ያህል አከታትዬ አደረግኩት። መጨረሻ ላይ ክዳኑ ራሱ እጄን አቃጠለኝ።

---

የላብ ሰው · ረቡዕ፣ ማታ 3:02

መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ነገሩን ይነግረናል። ክዳኑ እጅሽን ካቃጠለ ልዩነቱ ጠፍቷል። ዕድል የነበረሽ በመጀመሪያው ሙከራ ብቻ ነው። የቀሩት አምስቱ እኩል ማሞቅ ናቸው። ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ክዳኑን በከንፈርሽ ነክተሽ ቀዝቃዛ ካልሆነ አትጀምሪ። ከንፈር ከጣት ይልቅ ሙቀት ይለያል።

ሌላው፣ ጨርቁ ክዳኑን ነክቶት እንዳይሆን። ከአንገቱ አፍ ዝቅ ብሎ ይታሰር። ክዳኑ ላይ ደግሞ የቀዘቀዘውን ጨርቅ ቀድመሽ ሁለት ደቂቃ አቆይበት። ውሃው 55 ወይም 60 ዲግሪ ቢሆን በቂ ነው።

ስታዞሪ አታጋድሚ። ዘንግ አለው ብለሻል። ክዳኑ ካዘነበለ ዘንጉ የብልቃጡን ውስጥ ይመታና ይቀነጠሳል። ቀጥ አድርገሽ ብቻ ወደ ግራና ቀኝ። ካልተንቀሳቀሰ በእንጨት ማንኪያ እጀታ የክዳኑን ጎን ከሥር ወደ ላይ ቀስ ብለሽ ኳ አድርጊው፣ ከዚያ ተቃራኒውን ጎን። ብረት እንዳታስነኪው። እንቁላል እንደምትሰብሪ ሳይሆን ተኝቶ የቆየ ሰው በር እንደምታንኳኪ።

---

ነገረኛው · ረቡዕ፣ ማታ 3:15

በሲባጎ የሚያሞቁ ሰዎች አሉ። አንገቱ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመው ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ እየጎተተ እንደ መጋዝ። በፍትጊያ ይሞቃል። ለምን ያን አትመክራትም?

---

የላብ ሰው · ረቡዕ፣ ማታ 3:40

ድሮ እኔም ሠርቼበታለሁ። ከጨርቁ ይሻላል ብዬም አስባለሁ፤ ሙቀቱ በአንዲት ቀጭን ቀለበት ላይ ይሆንና ክዳኑ ጋር ሳይደርስ ይሠራል። ግን ብልቃጡን የሚይዝ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሲባጎው ሲበጠስ ብልቃጡ ይወረወራል።

---

ሰብሳቢዋ · ረቡዕ፣ ማታ 3:48

በቀለም ወይም በወርቅ የተቀባ አንገት ላይ ሲባጎ? ያጌጠውን ጠርጎ ይወስደዋል። እኔ በፍጹም አልመክርም። ጋሼ፣ በዚህ ላይ አልስማማም።

---

የላብ ሰው · ረቡዕ፣ ማታ 3:55

የላብራቶሪ ዕቃ ወርቅ የለውማ 🙂

---

ብልቃጤ · ዓርብ፣ ማታ 12:50

ወጣ!!!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ረቡዕና ሐሙስ ሌሊት ተደፍታ አደረች። ዛሬ ጠዋት ሳያት ነጩ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። የቀረው በአንድ ወገን የጥፍር ያህል ብቻ። ጠዋት አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ቀን አንድ ጊዜ፣ አልሆነም። በየመሃሉ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ። ማታ ሦስተኛው ላይ ጨርቁን ጠምጥሜ 25 ስደርስ በማንኪያው እጀታ ግራውን አንዴ፣ ቀኙን አንዴ መታ አደረግኩት። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። መጀመሪያ «ኪን» የሚል ጥርት ያለ ነበር። አሁን «ከክ» አለ፣ ልክ የላላ ነገር እንደሚለው። ሳዞረው ዞረ። እንደ ቅባት ነው የዞረው።

ቀጥ አድርጌ ሳብኩት። ዘንጉ ደህና ነው። ክዳኑ ላይ በአንድ በኩል እንደ ማር የወፈረ ቡናማ ቀለበት ነበር። ሽታው ግን... ሽቶ አይደለም፣ አሮጌ እንጨት ይመስላል። ከሥሩ ግን እሷ አለች።

---

ፈጣን መፍትሄ · ዓርብ፣ ማታ 1:05

እንኳን ደስ አለሽ! አምስት ቀን ፈጀ ግን። ላይተሩ 10 ሴኮንድ 😅

---

ነገረኛው · ዓርብ፣ ማታ 1:20

እኔ አንድ ነገር ልበል። ሙቀቱ ነው የከፈተው ወይስ ሦስት ሌሊት የጠጣው አልኮል? ሳታሞቂው ብትመቺውስ ኖሮ?

---

የላብ ሰው · ዓርብ፣ ማታ 1:50

ያለ ሙቀትም ሊወጣ ይችል ነበር፣ አልክድም። የኔ ግምት ግን ሁለቱ ተደጋግፈዋል የሚል ነው። አንገቱ በሰፋ ቁጥር አልኮሉ ወደ ጠበበው ክፍተት ትንሽ ይሳባል። ሲቀዘቅዝ የገባው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ያልተሳካው የጠዋትና የቀን ሙከራ ከንቱ አልነበረም። ይህን በምን ታረጋግጣለህ ብትለኝ ግን ሌላ አንድ ዓይነት ብልቃጥ ያስፈልገኛል።

---

ሰብሳቢዋ · ዓርብ፣ ማታ 2:05

ደስ ብሎኛል እህቴ። አሁን ሁለቱንም በአልኮል ጥረጊያቸው፣ በተለይ የተሞረደውን ቦታ፣ ነጭነቱ እስኪመለስ። ሳይደርቅ እንዳትወትፊው። ስትመልሺም አትጫኚው፣ በራሱ ክብደት ይቀመጥ። ዕቃው ለዓይን ብቻ ከሆነ በመካከላቸው ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አድርጊ።

አንድ ነገር ደግሞ ተመልከቺልኝ። በድሮ ጊዜ እያንዳንዱ ክዳን ለራሱ ብልቃጥ ነበር የሚሞረደው። እንዳይቀላቀሉ በክዳኑ የታችኛው ክፍልና በአንገቱ ወይም በብልቃጡ መቀመጫ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር በመርፌ ይጭሩባቸዋል። ዘንጉ ከክዳኑ ጋር ከሚጋጠምበት አጠገብ አለ?

---

ብልቃጤ · ዓርብ፣ ማታ 2:40

አለ! በማጉያ መስታወት አገኘሁት። በጣም ደቃቅ ነው። ክዳኑ ላይ 17 ይላል።

ብልቃጧ መቀመጫ ላይ ግን 31 ነው። ደጋግሜ አየሁት። 31።

---

ሰብሳቢዋ · ዓርብ፣ ማታ 2:44

ኦ። እንግዲያው ይህ ክዳን የሷ አይደለም። የሆነ ጊዜ ተቀይሯል።

---

የላብ ሰው · ዓርብ፣ ማታ 3:10

ለዚህ ነዋ በአንድ ወገን ብቻ ጥርት ያለው! የራሷ ክዳን ቢሆን ዙሪያውን እኩል ይነካ ነበር፣ አልኮሉም እኩል ይወርድ ነበር። ይኼ በአንድ ጎን ገጥሞ በሌላው ክፍተት ነበረው። ክፍተቱን የሞላው ያ የወፈረው ቡናማ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ወረቀቱን እንዳትረሺ። ይህ ክዳን ብትጫኚው እንደገና ይነክሳል።

---

ብልቃጤ · ዓርብ፣ ማታ 3:30

እናቴ ሁለት ተመሳሳይ ብልቃጥ ነበራት። አንዱ እህቴ ጋ ነው። አሁን ደወልኩላት። የሷም ክዳን አልከፈት ካላት ቆይቷል አለችኝ።

---

መምህር ኬሚ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:00

እንኳን ደስ አለሽ። የኔን ለጠየቃችሁ፦ ኮምጣጤው ውጩን ቅርፊት አንስቶታል። ክዳኑ ግን ያው ነው። ገበቴው ውስጥ ተቀምጧል። እስከ ሰኞ እጠብቀዋለሁ።